የረጋ ክሬም በእጅ ንጦ ቅቤ ማውጣት፦ በደሴ ብርድና በኮምቦልቻ ሙቀት

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ ሐረጎን ወርደው ሲጨርሱ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች የሚፈጀው ይህ ቁልቁለት ለቅቤ ናጭ ትልቅ ልዩነት አለው። እኔ የምኖረው ደሴ ሲሆን እኅቴ ኮምቦልቻ ትኖራለች። ከአንድ ላም የታለበ ወተት ተካፍለን፣ በአንድ ዓይነት ገንቦ ንጠን፣ እኔ ደረቅ ያለ ብጫ ቅቤ ሳወጣ እርሷ ነጭና ዝልግልግ ያለ ቅባት ያገኘችበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተማርነው ዋና ነገር ቅቤን የሚያወጣው ከክንድ ጉልበት ይልቅ የክሬሙ ሙቀት መሆኑን ነው፤ ይህ ጽሑፍም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚሁ ላይ ያተኩራል።

በአገራችን የተለመደው ወተቱን እንዳለ አርግቶ እርጎውን መናጥ ነው። ይህ መንገድ ወተት በብዛት ላለው ቤት ይመቻል። በቀን አራት ሊትር ያህል የሚያገኝ የከተማ ቤት ግን በሦስት ቀን የሚጠራቀም አሥራ ሁለት ሊትር እርጎ ተሸክሞ ከሚንጥ ይልቅ፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን ስልባቦት፣ ማለትም ክሬሙን፣ ለብቻው ሰብስቦ ቢያረጋና ቢንጥ ሥራው ወደ አንድ ሊትር ተኩል ዝቅ ይልለታል። ረቡዕና ዓርብ ወተት በማይጠጣበት ቤት ደግሞ ክሬም መሰብሰብ ወተቱ ሳይበላሽ ጥቅም ላይ የሚውልበት ጥሩ መንገድ ነው።

ክሬሙን መሰብሰብ

ወተቱ በቀጥታ ከላም የመጣ መሆን አለበት። በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ወተት ብዙ ጊዜ ቅባቱ ደቅቆ ከወተቱ ጋር እንዲዋሐድ ስለሚደረግ ክሬም አያንሳፍፍም። ከታለበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ያጥሉትና አፉ ሰፊ በሆነ ድስት ወይም ሳህን ውስጥ አድርገው፣ ሸፍነው፣ ሳይነቀነቅ ሌሊቱን ያሳድሩት። ቅባቱ ከቀረው ወተት ስለሚቀል በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል። ደሴ ውስጥ 12 ሰዓት ያህል ማሳደር ይበቃል። ኮምቦልቻ ውስጥ ግን በሞቃት ወራት ወተቱ ክሬሙን አውጥቶ ሳይጨርስ ሊረጋ ስለሚችል፣ ሳህኑን በቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ሰፊ ገበቴ ውስጥ ማስቀመጥና ስምንት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ክሬሙን ማንሳት ይሻላል።

ጠዋት በጠፍጣፋ ጭልፋ የላይኛውን ወፍራም ክፍል ቀስ ብለው ይግፈፉ። ከአራት ሊትር ወተት ግማሽ ሊትር ያህል ክሬም ይነሳል። ጭልፋው ጠልቆ ገብቶ ከታች ያለውን ቀጭን ወተት ካመጣ ክሬሙ ይሳሳል፤ የሳሳ ክሬም ደግሞ ሲናጥ አረፋ ከመሥራት አያልፍም። ክሬሙ የተነሳለትን ወተት አፍልቶ መጠጣት ይቻላል፤ የመጨረሻውን ቀን ወተት ግን አፍልተው፣ አቀዝቅዘውና እርጎ ጨምረውበት እንዲረጋ ለብቻው ያስቀምጡት፤ በኋላ ለአይብ ያስፈልገናል።

ያልፈላ ወተት እንደ ብሩሴሎሲስና የከብት ነቀርሳ ያሉ በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ክሬሙን ከማርጋትዎ በፊት ማሞቅ ይገባል። ወተቱን ክሬሙ ከመነሳቱ በፊት ማፍላት ግን ክሬሙ በደንብ እንዳይንሳፈፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መግፈፍ፣ ቀጥሎ ማሞቅ ነው። ክሬሙን በትንሽ ድስት አድርገው፣ ድስቱን የፈላ ውሃ ባለበት ሌላ ድስት ውስጥ አስገብተው እያማሰሉ ያሙቁት። ቴርሞሜትር ካለዎት 75 ዲግሪ ሲደርስ አምስት ደቂቃ ያቆዩት። ከሌለዎት እንፋሎቱ በደንብ ወጥቶ በድስቱ ጠርዝ ዙሪያ ጥቃቅን አረፋ መታየት ሲጀምር አምስት ደቂቃ በዚያው ሙቀት ያቆዩት፤ መንተክተክ የለበትም። ከዚያ ድስቱን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አድርገው ለብ እስኪል ያብርዱት።

ማርጋት

የመጀመሪያው ቀን ክሬም ለብ ሲል አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥሩ እርጎ ወይም ካለፈው ጊዜ የተረፈ ንጹሕ አሬራ ጨምረው ያዋሕዱትና ክዳኑን ገጥመው ያስቀምጡት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን የሚመጣውን ክሬም ሙሉ በሙሉ ካበረዱት በኋላ በዚያው ዕቃ ላይ እየጨመሩ በንጹሕ ማንኪያ ያማስሉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ የመጨረሻውን ክሬም ጨምሮ ወዲያውኑ መናጥ ሲጀምር ነው። የረጋው ክሬም ቶሎ ቅቤ ሲሆን ያልረጋው ገና ነውና ቅባቱ ከአሬራው ጋር ይፈስሳል። ስለዚህ የመጨረሻው ክሬም ከተጨመረ በኋላ ኮምቦልቻ ላይ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደሴ ላይ ደግሞ እስከ አንድ ቀን ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል።

መርጋት ለጣዕም ብቻ አይደለም። በክሬም ውስጥ ቅባቱ በጣም ትንንሽ እንክብሎች ሆኖ እያንዳንዱ እንክብል በስስ ሽፋን ተከቦ ይገኛል። ሽፋኑ እስካለ ድረስ እንክብሎቹ አይያያዙም። ሲኮመጥጥ የተፈጠረው አሲድ ሽፋኑን ስለሚያዳክመው፣ ስንንጠው እንክብሎቹ ሲጋጩ ቶሎ ተሰብረው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ከረጋ ክሬም ቅቤ ቶሎ የሚወጣው፣ ከአሬራው ጋር የሚባክነው ቅባትም የሚያንሰው ለዚህ ነው።

በደንብ የረጋ ክሬም ወፍራምና አንጸባራቂ ሲሆን፣ ከማንኪያ ላይ ሲያፈስሱት እንደ ክር ሳይሆን እየተቆረጠ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሽታውም እንደ ጥሩ እርጎ ንጹሕ ኮምጣጣ ነው። አረፋ እያወጣ የሚያብጥ፣ የቡሆ ሽታ ያለው፣ የሚመርር ወይም ሮዝና አረንጓዴ ነጠብጣብ የታየበት ክሬም ግን ተበላሽቷልና መጣል አለበት፤ ላዩን ገፎ የቀረውን መናጥ ልክ አይደለም።

ሙቀቱን ማስተካከል

ቅባት የሚያያዘው ከፊሉ ጠጣር፣ ከፊሉ ለስላሳ ሲሆን ነው። ሁሉም ከቀለጠ እንክብሎቹ እንደ ዘይት ይንሸራተታሉ፤ ሁሉም ከጠጠረ ደግሞ እንደ ጠጠር ተጋጭተው ይመለሳሉ። በእጅ ለሚናጥ የረጋ ክሬም ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ያለው ሙቀት ይስማማዋል። ቴርሞሜትር ከሌለ ዕቃውን ከእጅ አንጓ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያስጠጉት፤ በግልጽ ቀዝቃዛ ሆኖ እጅን ግን የማያደነዝዝ ከሆነ ልክ ነው።

ከረጋ በኋላ ክሬሙ ቀዝቃዛ ቦታ ማደር አለበት፤ ምክንያቱም ላዩ ቢበርድም በእንክብሎቹ ውስጥ ያለው ቅባት ለመጠጠር ሰዓታት ይፈጅበታል። ደሴ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ከጦሳ የሚወርደው የሌሊት ብርድ ይህን በነጻ ይሠራልዎታል። እንዲያውም ጠዋት ክሬሙ ከመጠን በላይ በርዶ ስለሚገኝ፣ ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ያህል እያገላበጡ ማቆየት ሊያስፈልግ ይችላል። ፍል ውሃ በቀጥታ በክሬሙ ላይ ማፍሰስ ግን የነካውን ቦታ ስለሚያቀልጠው አይመከርም።

ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ማቀዝቀዣ ካለ ክሬሙን እዚያ አሳድሮ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል አውጥቶ ማቆየት ይበቃል። ከሌለ ክሬሙን በሸክላ ዕቃ አድርገው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ነፋስ በሚያገኘው መስኮት አጠገብ ያሳድሩት። ከጨርቁ ላይ የሚተንነው ውሃ ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ ሸክላው ይቀዘቅዛል። ከዚያም ፀሐይ ሳትወጣ መናጥ ይጀምሩ። እኅቴ ያን ጊዜ የናጠችው በሚያዝያ ወር፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ዕቃውን ከምድጃው አጠገብ አድርጋ ነበር።

ዕቃውን ማዘጋጀት

ገንቦ፣ ቅል ወይም አፉ ሰፊ የሆነና በደንብ የሚገጥም ማሰሮ ይሆናል። ዋናው ነገር ከሦስት እጅ ሁለቱ ባዶ መሆኑ ነው። አንድ ሊትር ተኩል ክሬም አራት ተኩል ሊትር በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ቢደረግ ክሬሙ ከዳር ዳር የሚጋጭበት ቦታ ያገኛል። እስከ አፉ የተሞላ ዕቃ ቀኑን ሙሉ ቢናጥ ቅቤ ለመስጠት ይለግማል።

ገንቦው ወይም ቅሉ በፍል ውሃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በወይራ ይታጠናል። የወይራ ፍሙን ከውስጥ አድርጎ አፉን መድፈን፣ ጢሱ ውስጡን ከነካ በኋላ ፍሙን አውጥቶ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ነው። ጢሱ መልካም መዓዛ ይሰጣል፤ ተሕዋስያንንም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ዕቃው ከታጠነ በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ መጠበቅ ግዴታ ነው። ሸክላ ሙቀትን ለረጅም ጊዜ ስለሚይዝ፣ ሌሊቱን የቀዘቀዘ ክሬም ትኩስ ገንቦ ውስጥ ቢገለበጥ የሌሊቱ ድካም በሁለት ደቂቃ ይጠፋል። እኔ የማጥነው ሁልጊዜ በዋዜማው ምሽት ነው።

መናጥ

ገንቦውን በተጣጠፈ ጨርቅ ወይም በሣር ላይ አጋድመው፣ አፉን በቆዳ ወይም በንጹሕ ፕላስቲክ ሸፍነው በደንብ ይሰሩት። ከዚያም ሁለት እጅዎን ከሁለት ወገን ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ በእኩል ፍጥነት ይግፉት። በኃይል መናወጥ አያስፈልግም፤ ክሬሙ ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ ሌላውን ጫፍ እንዲመታ ያህል ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ አየር ይከማቻልና ሁለት ሦስት ጊዜ ቆም ብለው ያስተንፍሱት። በባህላዊው ገንቦ አንገት ላይ በስንጥር የምትደፈን ትንሽ ቀዳዳ ያለችው ለዚሁ ነው፤ ስንጥሩን ስበው አየሩ ይወጣል፣ በስንጥሩ ላይ የተጣበቀውን አይተውም ሥራው የት እንደደረሰ ያውቃሉ።

ገንቦ ውስጡን ስለማያሳይ ናጭ የሚመራው በጆሮው ነው። መናጥ ስማር ከጎናችን የሚኖሩ እናት እጄን በየጊዜው እያስቆሙ፣ “ልጄ፣ አትቸኩዪ፤ ድምጿን ስሚያት” ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ ወፍራም የሆነ የመንቦጫቦጭ ድምፅ ይሰማል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ድምፁ እየታፈነ ይሄድና ጭራሽ ጸጥ ይላል፤ ገንቦውም እንደ ድንጋይ የከበደ ይመስላል። ይህ ክሬሙ አየር ይዞ ያበጠበትና ከዕቃው ግድግዳ ጋር የተጣበቀበት ደረጃ ነው። ጀማሪ የሚተወው እዚህ ጋ ሲደርስ ነው፤ የተበላሸ ይመስለዋልና። ግን ለቅቤው የቀረው ጥቂት ብቻ ነው። ከዚያ በድንገት፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ የቀጭን ውሃ “ቿ ቿ” የሚል ድምፅ ይመለሳል፤ በመካከሉም የሆነ ለስላሳ ነገር ግድግዳውን ሲመታ ይሰማል። ቅቤው ተለየ ማለት ነው።

ሙቀቱ ልክ ከሆነ ይህ ሁሉ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል። ድምፁ እንደተለወጠ ፍጥነቱን ቀንሰው ጥቂት ጊዜ ብቻ ይግፉና ይክፈቱት። የቅቤው ፍሬዎች የስንዴ ቅንጣት ሲያክሉ ማቆም ይገባል። አንድ ትልቅ እብጠት እስኪሆን ከተናጠ አሬራው በመካከሉ ተይዞ ይቀራል፤ በኋላ በማጠብ አይወጣም፤ ቅቤውም በጥቂት ቀናት ይሸታል።

40 ደቂቃ አልፎ ጸጥታው ካልተሰበረ መናጡን አቁመው ዕቃውን ይንኩ። አረፋው ጥብቅና ዕቃው በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ያቆዩት። አረፋው ልል፣ ዕቃውም ለእጅ ምንም ቅዝቃዜ የማይሰጥ ከሆነ ሞቋልና ለሁለት ሰዓት በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳርፈው እንደገና ይጀምሩ። እንዲህ አስተካክለውም ካልሆነ ክሬሙ ሳስቷል ወይም ዕቃው ሞልቷል፤ ከፊሉን ቀንሰው በሁለት ዙር ይናጡት።

እኅቴ ያገኘችው ነጭ ቅባት በተለየ መንገድ ተመለሰላት። ሙሉውን፣ ከአሬራው ጋር፣ በሸክላ አድርጋ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አሳደረችውና በማግስቱ ንጋት ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል ናጠችው። ፍሬው ለየ። ነገር ግን አሬራው ወተት መስሎ ነጥቶ ነበር፤ በአንድ ሌሊት ላዩ ላይ የቅባት ሽፋን አወጣ። ይህ ምልክት ቅባቱ ከአሬራው ጋር መባከኑን ያሳያል። በትክክል የተናጠ አሬራ ቀጭንና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ሲሆን፣ ቢያድርም ላዩ ላይ ብዙ አያንሳፍፍም።

ማጠብና ማሸት

አሬራውን በወንፊት አጥልለው ለብቻው ያስቀምጡ። የቅቤውን ፍሬዎች በሰፊ ሳህን አድርገው፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይጠቡ። የመጀመሪያው ውሃ ነጥቶ ይወጣል፤ ሁለተኛው ይጠራል፤ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ንጹሕ ይሆናል። ውሃው ከቅቤው ትንሽ ቢቀዘቅዝ ጥሩ ነው። ከዚያም በእንጨት ማንኪያ እየተጫኑና እያጠፉ ያሹት፤ ውሃው በጠብታ ይወጣል፣ ያንን ያፍሱት። የእጅ ሙቀት ቅቤውን ስለሚያቀልጠው በእጅ ማሸት አይመረጥም። ቅቤው ሲቆረጥ ገጹ ላይ የሚታይ የውሃ ጠብታ ካልቀረ አልቋል። ለዳቦ የሚሆን ከሆነ ለመቶ ግራም ቅቤ አንድ ግራም ያህል ደቃቅ ጨው ማሸት ይቻላል፤ የሚነጠር ከሆነ ግን ጨው አይግባበት።

ባለፈው የሠራሁት እንዲህ ነበር። ከሦስት ቀን፣ ከ12 ሊትር ወተት፣ አንድ ሊትር ተኩል ክሬም ሰበሰብሁ፤ 28 ደቂቃ ናጥሁት፤ 350 ግራም ገደማ የታጠበ ቅቤና አንድ ሊትር ከጥቂት አሬራ አገኘሁ። ወተቱ እንዳለ ረግቶ ቢናጥ ቅቤው ሊበልጥ ይችል ነበር፤ በሌሊት ማንሳፈፍ ሁሉም ቅባት ወደ ላይ አይወጣምና። በአንጻሩ ክሬም የተነሳለትን ወተት ቤተሰቡ ጠጥቶታል።

አሬራው

አሬራ በወጣበት ቀን ሲጠጣ ጣዕሙ ከሁሉ ይበልጣል። ጥቂት ጤና አዳም ጣል አድርገው ቀዝቀዝ ሲል ያቅርቡት። ማቀዝቀዣ በሌለበት ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ለመጠጥ አያቆዩት። ቅቤው የታጠበበትን ውሃ ከአሬራው ጋር አይቀላቅሉ፤ ጣዕሙን ያሳጣል፣ አይቡንም ይቀንሳል።

አንድ ሊትር አሬራ ብቻውን የሚሰጠው አይብ ከአንድ ሁለት ጭልፋ አይበልጥም፤ ለአንድ ኪሎ አይብ ስምንት ሊትር ያህል ያስፈልጋልና። ለዚህ ነው የመጨረሻው ቀን ክሬም የተነሳለት ወተት እንዲረጋ ያስቀመጥነው። ሦስት ሊትር ተኩሉን የረጋ ወተት ከአሬራው ጋር ቢያዋሕዱት ከግማሽ ኪሎ በለጥ ያለ አይብ ይወጣል።

ድብልቁን በድስት አድርገው በጣም በቀዘቀዘ እሳት ላይ ይጣዱት። ሙቀቱ 50 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማቆም አለበት፤ ጣት ሲነከር ያቃጥላል፣ ግን ሁለት ሦስት እስኪቆጠር መታገሥ ይቻላል። አያማስሉት፤ ማማሰል አይቡን ስለሚሰባብረው ከውሃው ጋር ይፈስሳል። በዚህ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆይ ነጩ ይሰበሰብና ወደ አረንጓዴ ብጫ የሚያደላው አጓት ከዳር በኩል ይታያል። ከእሳት አውርደው፣ በድስቱ እንዳለ እስኪበርድ ትተው፣ በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉት። እሳቱ በርትቶ ከተንተከተከ አይቡ እንደ አሸዋ የሚሻክርና የሚለጠጥ ይሆናል፤ ይህ አይመለስም። ግማሽ ሰዓት አልፎ አጓቱ ካልተለየ ደግሞ ድብልቁ በቂ ኮምጣጣ አልሆነም ማለት ነው፤ አውርደው ለግማሽ ቀን ያስቀምጡትና እንደገና ይሞክሩ።

አጓቱ በውሃ ፋንታ የዳቦ ሊጥ ለማቡካት ይሆናል፤ ዳቦውን ለስላሳና ጠቆር ያለ ቅርፊት ያለው ያደርገዋል። ከሊጡ የተረፈውን ጥጃ ይጠጣዋል።

አሬራውን ከመጣድዎ በፊት አንድ ሲኒ ቀንሰው በፈላ ውሃ በታጠበ ብልቃጥ ውስጥ ያስቀምጡ። ለሚቀጥለው ክሬም ማርጊያ የሚሆነው እርሱ ነው፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ሽታው ከተለወጠ ወይም ክሬሙ ከወትሮው ዘግይቶ ከረጋ እርሱን ትተው በአዲስ እርጎ ይጀምሩ።